ተጋቢኖው አንደኛ፣ ዋይፋዩ ግን በደረሰኝ

«የእርስዎ ስልክ ነው እንጂ እኛ ጋ ምንም ችግር የለም።» ዋይፋዩ እምቢ አለኝ ስላት ሒሳብ ተቀባይዋ ይህን ያለችኝ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ረቡዕ፣ ምሳ ሰዓት። ብድግ ብዬ ልወጣ ነበር። የምልከው ፋይል ባይኖረኝና የሞባይል ዳታዬ ባያልቅ ኖሮ።

እዚህ ቤት የዋይፋይ ኮድ የሚታተመው ደረሰኝ ላይ ነው። አስቀድመህ ትከፍላለህ ማለት ነው፤ ለተጋቢኖ 280 ብር። ቦሌ የማዘወትረው ካፌ ፓስወርዱን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ይገላግለኛል። ለማንኛውም ከፈልኩ። ዋይፋዩ ተገናኘ፣ ምልክቱ ላይ ግን ቃለ አጋኖ ተደቀነበት። ኮዱን የማስገባበት ገጽ የለም። ከላይ ብቅ ያለችውን የመግቢያ ማሳወቂያ ሳላነብ ጠርጌ አጥፍቻት ነበር። ጉግልን ብሞክር፣ የባንኬን ገጽ ብሞክር፣ ወይ ፍንክች።

አስተናጋጇ ተጋቢኖውን እየተንተከተከ አስቀመጠችና ስልኬን አየት አደረገች። «ጋሼ፣ ማስታወቂያ የሚያግድ ነገር አድርገውበታል እንዴ?» አድርጌያለሁ። አንድሮይዱ ቅንብር ውስጥ `Private DNS` የሚለው ላይ `dns.adguard-dns.com` ብዬ ከጻፍኩ ወራት አልፈዋል።

ለካ ጣጣው እሱ ነው። ስልኬ የድረ ገጽ ስም የሚጠይቀው ያንን ሰርቨር ብቻ ነው። የካፌው ዋይፋይ ደግሞ ኮድ እስካስገባ ወደ ውጭ አያሳልፈኝም። ስልኬ ሰርቨሩን ካላገኘ ገጽ አይከፍትም፣ ገጽ ካልተከፈተ ኮድ አላስገባም። ወደ `Off` መለስኩት።

ጉግል አሁንም እምቢ አለ። «እሱ አይሆንም፣ ይሄን ይጻፉ» ብላ ራሷ ጻፈችልኝ፦

```
http://neverssl.com
```

ነገሩ ገባኝ። ካፌው የመግቢያ ገጹን የሚያሳየው የጠየቅኩትን ገጽ መንገድ ላይ ጠልፎ በራሱ በመተካት ነው። በ`https` የሚጀምር አድራሻ ግን እንደታሸገ ፖስታ ነው፤ ሌላ ሰው ከፍቶ የራሱን ወረቀት ቢከትበት ብራውዘሩ አይቀበልም። ይሄኛው ሆን ተብሎ ሳይታሸግ የተተወ ገጽ ነው። የመግቢያው ገጽ ወዲያው ዱብ አለ። ቪፒኤን ያለው ሰውም መጀመሪያ እሱን ያጥፋ።

ፋይሉ ሄደ። ሒሳብ ተቀባይዋ ግማሽ እውነት ነበራት፣ ስልኬ ነበር። አነጋገሯን ግን አልረሳውም።

ተጋቢኖው? ዳር ዳሩ ከሸክላው ጋር ያዝ ያዝ ያደረገ፣ ቃሪያው ያልተሰሰተበት። እንጀራው ግን አንድ ብቻ፣ ጭማሪ 30 ብር። ጉርሻውን ለአስተናጋጇ በእጇ ሰጠኋት። `Private DNS`ን ወደ ቦታው የመለስኩት ታክሲ ውስጥ ትዝ ሲለኝ ነው።