ከቀሪ ሂሳብ ላይ የማይቆረጥ ክፍያ፦ «ቋሚ ወርሃዊ ትርፍ» ለተባላችሁ ቆጣቢዎች ማስጠንቀቂያ

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው። ራሱን የኢንቨስትመንት ፈንድ ብሎ የሚጠራ፣ በየወሩ 8 በመቶ ቋሚ ትርፍ እንደሚከፍልና ዋናው ገንዘብም ሙሉ ዋስትና እንዳለው በውል ፈርሞ የሰጠኝ ድርጅት፣ ቁጠባዬን እንደማይመልስልኝ ያረጋገጥሁት በዚህ ሳምንት ነው። የድርጅቱን ዓይነት ታውቁታላችሁ። የተዋበው ቢሮ፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው የንግድ ምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ በአዳራሽ የሚደረገው ስብሰባ፣ መድረክ ላይ ወጥቶ ሕይወቱ እንደተለወጠ የሚመሰክረው ሰው፣ «ዛሬም ገባልኝ» የሚሉ መልዕክቶች ሌት ተቀን የሚጎርፉበት የቴሌግራም ግሩፕ ለማናችንም አዲስ አይደሉም። ስለዚህ እነሱን ትቼ፣ ገንዘቤን ለማውጣት በሄድሁበት ቀን ስለተነገረኝ አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ።

ለስሌት እንዲመች ያስገባሁት 100 ሺህ ነው እንበል። የወር ትርፉን ሳላወጣ በላዩ ላይ እንዲደመር ስለተስማማሁ፣ የአንድ ዓመቱ ውል ሲያበቃ በስልክ መተግበሪያው ላይ የሚታየው ቀሪ ሂሳብ 252 ሺህ ገደማ ደርሶ ነበር። የማውጫ ጥያቄ ባቀረብሁ ጊዜ «በሂደት ላይ» የሚል ጽሑፍ ወጥቶ አልለቅ ስላለኝ ወደ ቢሮው ሄድሁ። ውሉን ባስፈረመኝ ቀን ከወንበሩ ተነሥቶ «እርስዎ» እያለ የተቀበለኝ ወጣት አሁን ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል፣ «የመልቀቂያ ክፍያ አለብህ፤ 15 በመቶ» አለኝ። በውሉ ውስጥ እንዲህ ያለ ክፍያ አልተጻፈም። ሆኖም መከራከሩን ትቼ፣ 38 ሺህ ገደማ የሚሆነውን ከቀሪ ሂሳቤ ላይ ቆርጠው የተረፈውን እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ። በዚህ ጊዜ ነው «ከቀሪ ሂሳብ ላይ መቁረጥ አይቻልም፤ ክፍያው ከውጭ መግባት አለበት፤ ሲስተሙ አይፈቅድም» ያለኝ።

ጥያቄዬን ደገምሁለት። 252 ሺህ የእኔ መሆኑን እናንተው በጽሑፍ አረጋግጣችኋል፣ ታዲያ ከራሴ ገንዘብ ላይ ስለ ምን አይቆረጥም ብዬ ስጠይቀው ለጓደኛው ፈገግ እያለ ሥራ አስኪያጁን ጠራው። ሥራ አስኪያጁም ቆሞ እያለ «ክፍያውን ማግኘት ካልቻልህ ሁለት ሰው አስመዝግብ፤ ይነሣልሃል» ብሎኝ ተመለሰ። አጠገቤ የነበሩ በዕድሜ የገፉ ሴት ለወጣቱ «ልጄ፣ ትርፉ ይቅርብኝ፤ ያስገባሁትን ብቻ ስጡኝ» ሲሉት፣ «እማማ፣ ሲፈርሙ ውሉን ማንበብ ነበረብዎት» ብሎ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ እሳቸው ገፋው። እኒያ ሴት የለመኑት የራሳቸውን ገንዘብ ነው። ይህ ንቀት እስካሁን ያንገበግበኛል።

ይሁንና ከንቀቱ ይልቅ ልብ ልትሉት የሚገባው የክፍያው አጠያየቅ ነው። እውነተኛ ፈንድ የአስተዳደር ክፍያ አለው፤ አንዳንዱም ከውል ጊዜ በፊት ለሚያወጣ ሰው የመውጫ ክፍያ ያስከፍላል። ነገር ግን ክፍያው የሚቆረጠው ከንብረቱ ላይ ነው፤ ባንክም የአገልግሎት ክፍያውን ከሂሳባችን ላይ ይቀንሳል እንጂ የራሳችንን ገንዘብ ሊሰጠን ሌላ ገንዘብ አምጡ አይለንም። የሚቀነስበት ገንዘብ በእጁ ስላለ ነው እንዲህ ማድረግ የሚችለው። 252 ሺህ አለህ የተባለ ሰው ከዚያ ውስጥ 38 ሺህ መክፈል የማይችል ከሆነ፣ 252 ሺህ የሚባለው ነገር በስክሪን ላይ ከተጻፈ ቁጥር በቀር የትም የለም ማለት ነው። ከውጭ እንዲገባ የተጠየቀው ክፍያም የመጨረሻው ዘረፋ ነው። ስሙን ግብር፣ ኢንሹራንስ ወይም የሂሳብ ማረጋገጫ ሊሉት ይችላሉ፤ የከፈለ ሰው ከሳምንት በኋላ ሌላ ስም የወጣለት ክፍያ ይጠየቃል።

ገንዘቡ የት እንደሄደ ለማወቅ የሂሳብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ካስገባሁት 100 ሺህ ላይ 10 በመቶው ላስመዘገበኝ ሰው በኮሚሽን መልክ ወዲያው ተከፍሏል፤ ይህን ደግሞ እነሱ ራሳቸው በስብሰባ ላይ በኩራት ይናገሩታል። የቀረው 90 ሺህ ምንም ሥራ ላይ ሳይውል፣ በየወሩ 8 ሺህ ለሚያወጣ ሰው ቢከፈል 11 ወር ያቆያል፤ በ12ኛው ወር ላይ ያልቃል። ገንዘቡ የተከፈለው ሰው ግን ያገኘው የራሱን ገንዘብ ተቆራርሶ ሲሆን፣ ድርጅቱ ዋናውን 100 ሺህ አሁንም አለብኝ ይላል። ለዚህ ነው ትርፋቸውን በየወሩ ያወጡ ሰዎች አንድም ቀን ሳይዘገይባቸው የተከፈላቸው፤ ለዚህም ነው የእነሱ ምስክርነት ውሸት ባይሆንም ማረጋገጫ የማይሆነው። እንደ እኔ ትርፉን ላላወጣ ሰው ተጨማሪ ጉርሻ ይሰጥ የነበረውም ከካዝናው ምንም ሳይወጣ ቁጥር ብቻ ስለሚጨመር ነው።

አሁን ለእኔ 252 ሺህ ይከፈል ቢባል፣ ከኮሚሽን በኋላ 90 ሺህ የሚያስገቡ 3 አዲስ ሰዎች ያስፈልጋሉ። እነዚያ 3 ሰዎች በዓመቱ ሲመጡ 9፣ እነዚያ 9 ደግሞ 27 ሰዎችን ይሻሉ። በዚህ አካሄድ በ10ኛው ዓመት ከ59 ሺህ በላይ፣ በ20ኛው ዓመት ደግሞ ከ3 ቢሊዮን በላይ አዲስ ሰው መመዝገብ አለበት። ስለዚህ ድርጅቱ የሚወድቀው ሥራ አስኪያጁ ስለከፋ ወይም ገበያው ስለተበላሸ አይደለም፤ ምዝገባው በቀዘቀዘበት ወር መውደቁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የታወቀ ነው። «ሁለት ሰው አስመዝግብ» የተባልሁት ለዚህ ነው። ሰው ማምጣት ግዴታ ሲሆን በተለምዶ ፒራሚድ፣ ሥራ አስኪያጁ ብቻውን ከአዲሱ ወስዶ ለቀድሞው ሲከፍል ፖንዚ ይባላል፤ የኔው ድርጅት ሁለቱንም ደባልቆ ነው የሚሠራው።

ፖንዚ የሚለው ስም የመጣው በ1920 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ ቦስተን ከተማ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ ብሎ ገንዘብ ከሰበሰበው ከቻርልስ ፖንዚ ነው። ትርፉን የማገኘው በፖስታ ቴምብር የሚለወጥ ዓለም አቀፍ የፖስታ ኩፖን በርካሽ ገዝቼ በውድ በመሸጥ ነው ይል ነበር፤ ነገሩ ሲመረመር ግን የሰበሰበውን ገንዘብ በዚያ ንግድ ላይ ለማዋል 160 ሚሊዮን ያህል ኩፖን ሲያስፈልግ፣ በዓለም ላይ ይዘዋወር የነበረው 27 ሺህ ገደማ ብቻ ነበር። ትርፉ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ መጠን ጭምር ሊኖረው የሚገባው ለዚህ ነው። የእኛዎቹ «በወርቅና በውጭ ምንዛሪ ንግድ» ሲሉን፣ ማን ገዛ፣ ማን ሸጠ፣ ስንት፣ የትኛው ኦዲተር አየው የሚለውን የመለሰ ሰው አልነበረም።

ትርፉ አነስተኛ ስለሆነ ደህና ነው ለምትሉ ደግሞ የአሜሪካዊውን ገንዘብ አስተዳዳሪ የበርናርድ ማዶፍን ነገር አስታውሳችኋለሁ። ማዶፍ ያሳይ የነበረው ትርፍ በወር 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፤ የሚያስደነግጥ ተስፋ አልሰጠም። ሆኖም ገበያው ሲወጣም ሲወርድም የእሱ ትርፍ ሳይናወጥ ይቀጥል ነበር። በታኅሣሥ 2008 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲያዝ ለደንበኞቹ በላከው መግለጫ ላይ የሰፈረው 65 ቢሊዮን ዶላር ያህል ገንዘብ በአብዛኛው በወረቀት ላይ ብቻ የነበረ መሆኑ ታወቀ። የደንበኞቹን ንብረት የሚይዘውም፣ የሚያስተዳድረውም፣ መግለጫውን የሚጽፈውም እሱ ራሱ ነበር።

እውነተኛውን ፈንድ ከአስመሳዩ የሚለየው ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። በእውነተኛ ፈንድ ገንዘባችን የሚገባው ከሥራ አስኪያጁ ተለይቶ ንብረት በሚጠብቅ ባንክ ወይም ተቋም፣ በፈንዱ ስም በተከፈተ ሂሳብ ነው እንጂ በግለሰብ አካውንት አይደለም። የምንገዛው ድርሻ ዋጋ አለው፤ ዋጋው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ የወረደበት ወርም በመግለጫው ላይ ይታያል። እኔ ዓመቱን ሙሉ የተቀበልሁት መግለጫ በየወሩ 8 በመቶ ብቻ የሚል ነበር። በወር 8 በመቶ ትርፍ ያለ ሥጋት የሚያገኝ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ በዓመት ከዚያ እጅግ ባነሰ ወለድ ከባንክ ተበድሮ ትርፉን ለራሱ ያስቀር ነበር እንጂ ከእኔና ከእኒያ ሴት ቁጠባ አይለምንም ነበር።

ምክሬ አጭር ነው። በግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የንግድ ምዝገባ ድርጅቱ መመዝገቡን ብቻ ያሳያል፤ ከሕዝብ ገንዘብ ሰብስቦ ለማስተዳደር የሚሰጠው ፈቃድ ሌላ ነው፣ የሚሰጠውም የካፒታል ገበያን ወይም ባንኮችን የሚቆጣጠረው ባለሥልጣን ነው። ፈቃዱን ድርጅቱ በላከላችሁ ሊንክ ሳይሆን ራሳችሁ በምታገኙት የባለሥልጣኑ አድራሻ አጣሩ፤ የሕጋዊ ድርጅት ስም የሚሰርቁም ስላሉ ስልኩና አድራሻው መመሳሰሉንም ተመልከቱ። ገንዘባችሁ ገብቶ ከሆነ የመልቀቂያ ክፍያ አትክፈሉ፣ ሰውም አታስመዝግቡ። ገንዘቡ የተላከበትን ደረሰኝ፣ የተቀባዩን ስምና የሂሳብ ቁጥር፣ ውሉንና የግሩፑን መልዕክቶች ዛሬውኑ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ ግሩፑ ከተዘጋ በኋላ አታገኟቸውም። ይህን ይዛችሁ መጀመሪያ ወደ ባንካችሁ፣ ቀጥሎም ወደ ፖሊስና ወደ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ሂዱ። ሰሞኑን ደግሞ «ገንዘብዎን እናስመልስልዎታለን፤ ቅድሚያ ጥቂት ይክፈሉ» የሚል ስልክ ይደወልላችሁ ይሆናል። ለእኔ ተደውሎልኛል፤ የደወለውም ሰው የውሌን ቁጥር እኔ ሳልነግረው ያውቀው ነበር።