ስምንት ወር የለበስኩት ቀሚስና ሁለቱ ቀዮች

ቀሚሱን ለጥምቀት ብዬ ቸርችል ጎዳና ካሉት የባህል ልብስ ሱቆች ካንዱ በ8,500 ብር ገዛሁት። ነጭ ፈትል፣ እጅጌው ላይ ቀይ ጥለት፣ ደረቱ ላይ በመኪና የተሠራ የሚያብረቀርቅ ቀይ ጥልፍ። ሻጩን «ቀለም ይለቃል?» ስለው «እህቴ፣ መቶ ፐርሰንት ጥጥ! ምን ብሎ ይለቃል?» አለኝ።

ለፋሲካ ለብሼው በማግስቱ በቀዝቃዛ ውሃ ነከርኩት። ከደረቱ እስከ ወገቡ ሮዝ ሆነ። እጅጌው ግን ጠብታ እንኳ አልለቀቀም። ለዓይን ያው ቀይ ነው እኮ!

ተናድጄ ከሁለቱም ጀርባ ትርፍ ክር መዝዤ፣ በወረንጦ ይዤ ሻማ ላይ አቃጠልኩ። የእጅጌው ቀለጠ፣ ጥቁር ጭስ አወጣ፣ ሲበርድ ጠጣር ጥቁር ፍሬ ሆነ። ሰው ሠራሽ ክር ነው፣ አክሪሊክ ሳይሆን አይቀርም። የደረቱ እንደ ወረቀት ነደደና በጣት የሚደቅ ግራጫ አመድ ቀረ። ጥጥ ነው እንዳልል ሬዮንም፣ ከእንጨት የሚሠራው የሚያብረቀርቅ ክር፣ እንደዚያው ነው የሚነደው። ስለዚህ ሌላ ክር አርጥቤ ሳብኩት፤ ሳልታገለው ተበጠሰ። ጥጥ ሲርስ ይጠነክራል፣ ሬዮን ይደክማል። «መቶ ፐርሰንት ጥጥ» ያልከኝ ወንድሜ፣ ሰማህ?

ጥጥ ቢሆንም ዋስትና አልነበረም። ጥጥና ሬዮን አንድ ዓይነት ቀለም ነው የሚቀበሉት። ርካሹ ቀለም ክሩ ውስጥ ይገባል እንጂ ከክሩ ጋር በኬሚካል አይተሳሰርም፤ ውሃ ሲያገኝ ይወጣል። አክሪሊክ ግን የሚቀለመው ሊፈላ በተቃረበ ውሃ ስለሆነ ቀዝቃዛ ማጠቢያ በቀላሉ አያስወጣውም። እሳት የክሩን ዓይነት ይጠቁምሻል፣ የቀለሙን ጥራት ግን አይነግርሽም።

እናቴ «ጨው ብታደርጊበት ኖሮ» ትላለች እስከ ዛሬ። ጨው እዚያው ውሃ ውስጥ ቀለሙን ትንሽ ይገታ ይሆናል እንጂ ለሚቀጥለው እጥበት አያጣብቀውም። የኔ ጥፋት ሌላ ነው፦ ሮዙን እያየሁ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። እርጥብ እያለ ውሃ እየለወጥኩ ባለቀልቀው አብዛኛው ይወጣ ነበር።

ስለ ብራንድ ለምትጠይቁኝ፣ በእጅ የተሸመነ ልብስ ላይ ብራንድ ካለ የክሩ ነው። ነጠላዬን ራሴ በዲኤምሲ የጥጥ ክር፣ ቁጥር 321 ቀይ ጠልፌው ደጋግሜ አጥቤዋለሁ፤ ነጩ ነጭ ነው። ጥቅሉ 8 ሜትር ብቻ ስለሆነ ለሙሉ ቀሚስ ኪስ ያራቁታል።

ፈትሉ ራሱ በየእጥበቱ እየለሰለሰ ነው፣ ልጥለው አልቻልኩም። ነጠላ ደርቤ ሮዙን እየሸፈንኩ እለብሰዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ለእህቴ ልገዛ ሌላ ሱቅ ገባሁ። ነጭ መሐረቤን አርጥቤ የጥልፉን ጀርባ አሥር ጊዜ ያህል ጫን አድርጌ አሸሁት።

«እህቴ፣ ልታጥቢው ነው የመጣሽው?» አለኝ ባለሱቁ።

መሐረቡን ዘርግቼ አሳየሁት። ቀይ ነበር።