ኤልሲ፣ ሲኤዲ ወይስ ቲቲ? ከወሎ ሆኖ ዕቃ ለሚያስመጣ ነጋዴ

እንበል አንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ ለቆቦ መስኖ ገበሬዎች የሚሸጥ 300 ባለ 3 ኢንች የውሃ ፓምፕ ከቻይና ሊያስመጣ ነው። ሻጩን የሚያውቀው በስልክ ብቻ ነው። በምን ይክፈል?

ቲቲ፣ ማለትም ገንዘብን በባንክ በቀጥታ መላክ፣ ቀላልና ርካሽ ነው። ገንዘቡ ቀድሞ ይሄዳል፣ ዕቃው በኋላ ይመጣል። ሻጩ ባይልክ ወይም ሌላ ዕቃ ቢልክ ግን በእጅዎ የሚቀረው ፕሮፎርማ ብቻ ነው። ለናሙናና ለዓመታት ለተፈተነ ሻጭ ይሁን፤ ለዚህ ግዢ አልመክረውም።

ሲኤዲ፣ ማለትም ሰነዱ ሲደርስ መክፈል፣ ከዚያ ይሻላል። ሻጩ ጭኖ ሰነዱን በባንክ በኩል ይልካል፤ እርስዎ ከፍለው ሰነዱን ይረከባሉ። ቢያንስ የተጫነ ነገር ስለመኖሩ ቢል ኦፍ ሎዲንግ፣ ማለትም የአጓጓዡን የጭነት ሰነድ፣ ያያሉ። ነገር ግን ባንኩ እዚህ ላይ አስተላላፊ ነው። የተላኩት ሰነዶች በዝርዝሩ መሠረት መድረሳቸውን ያያል እንጂ ይዘታቸውን አይመረምርልዎትም። ገዢው አልከፍልም ካለ ደግሞ ዕቃው ጅቡቲ ላይ የሚቀረው በሻጩ ኪሳራ ስለሆነ፣ ለማያውቀው ገዢ በሲኤዲ ለመላክ እሺ የሚል ሻጭ ጥቂት ነው።

ኤልሲ፣ ማለትም ባንክ ለሻጩ የሚከፍተው የክፍያ ሰነድ፣ ውድ ነው። የመክፈቻ ኮሚሽን አለው፣ ባንኩ ቀድመው እንዲያስይዙ የሚጠይቀው ማርጅን ገንዘብዎን ያስራል፣ አንድ ቀን ለማራዘም እንኳ የማሻሻያ ክፍያ አለ። በምላሹ ባንኩ ራሱ ለሻጩ የክፍያ ቃል ይገባል፤ የሚከፍለውም የቀረበው ሰነድ ኤልሲው የጠየቀውን ካሟላ ብቻ ነው። የሚሠራበት ዓለም አቀፍ ደንብ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2007 ጀምሮ ዩሲፒ 600 ነው። ባንኩ ሰነዱን መርምሮ ለመወሰን ቢበዛ 5 የባንክ የሥራ ቀናት አለው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ባንኩ የሚያየው ወረቀት ነው፣ ፓምፕ አያይም። ኤልሲው “300 ባለ 3 ኢንች ፓምፕ” ብሎ ኢንቮይሱ “ባለ 2 ኢንች” ካለ ዲስክሬፓንሲ፣ ማለትም የሰነድ አለመጣጣም፣ ነው፤ ባንኩ ክፍያውን ሊከለክል ይችላል። ኢንቮይሱ “ባለ 3 ኢንች” ብሎ ኮንቴይነሩ ውስጥ ባለ 2 ኢንች ካለ ግን ወረቀቱ ንጹሕ ነውና ባንኩ ይከፍላል። በአጭሩ፣ ኤልሲ የሚጠብቅዎት በጠየቁት ሰነድ ልክ ነው።

እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1926 የተወሰነ አንድ የታወቀ የፍርድ ጉዳይ አለ። ገዢው ከባታቪያ፣ ከዛሬዋ ጃካርታ፣ ቫኒላ ሲገዛ፣ ኤልሲው ዕቃውን የመረመሩ ባለሙያዎች የሰጡትን የምስክር ወረቀት ጠየቀ። በመልእክት መተላለፍ ላይ በተፈጠረ ስህተት የቀረበው የአንድ ባለሙያ ወረቀት ነበር። ባንኩ ከፈለ፤ ሻጩ የላከው ግን በአብዛኛው ቆሻሻ ነበር። ፍርድ ቤቱ ባንኩ ገንዘቡን ከገዢው ማስመለስ አይችልም አለ። “ያው ነው” የሚባል ሰነድ እንደማይበቃ የተነገረውም እዚያ ነው። ጥብቅነቱ የባንክ ግትርነት ይመስላል፤ ያን ዕለት ግን ያተረፈው ገዢውን ነው።

ስለዚህ ለፓምፖቹ፣ ከኢንቮይስ፣ ከፓኪንግ ሊስትና ከቢል ኦፍ ሎዲንግ በተጨማሪ ከመጫኑ በፊት ነጻ መርማሪ ድርጅት የሚሰጠው የምርመራ ወረቀት ይጠይቁ። ድርጅቱን በስም ይጥቀሱ። ወረቀቱ ምን ማለት እንዳለበትም ይጻፉ፦ ብዛቱ 300፣ ባለ 3 ኢንች፣ አዲስ። “ፓምፖቹ የ2025 ምርት መሆን አለባቸው” ብለው ብቻ ቢጽፉና ይህን የሚያረጋግጥ ሰነድ ባይጠይቁ፣ በዩሲፒ 600 መሠረት ባንኩ ያንን ቃል እንዳልተጻፈ ይቆጥረዋል። ይህ ነጥብ በጣም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ጽፌዋለሁ ብሎ የሚተማመን ገዢ ብዙ ነው።

ጥብቅነቱ ከልክ በላይ አይደለም። መረጃው በየሰነዱ ቃል በቃል አንድ እንዲሆን አይጠበቅም፣ እርስ በርሱ ግን መጋጨት የለበትም። ኢንቮይሱ ላይ ያለው የዕቃ መግለጫ ግን ከኤልሲው ጋር መስማማት አለበት። ስለዚህ መግለጫውን አጭር ያድርጉት። ሞዴሉን፣ ቀለሙን፣ የማሸጊያውን ዓይነት ሁሉ ካጨቁ፣ ቅን ሻጭ እንኳ ይሰናከላል።

ዲስክሬፓንሲ ከተገኘ ባንኩ ብዙ ጊዜ ይደውልልዎታል፦ ይቀበላሉ ወይስ አይቀበሉም? ስህተቱ የሰነድ ማቅረቢያ ቀን ማለፍ ከሆነ (ሌላ ቀን ካልተጻፈ ከተጫነ በኋላ 21 ቀን ነው) እና የምርመራ ወረቀቱ ትክክል ከሆነ፣ እኔ ብሆን እቀበላለሁ። ፓምፑ ከቆቦ የመስኖ ወቅት በኋላ ቢደርስ ጥቅሙ ምንድን ነው? ጅቡቲም ኮንቴይነር በነጻ አያቆይም። ጉድለቱ በምርመራ ወረቀቱ ላይ ከሆነ ግን፣ ሻጩ በስልክ የፈለገውን ቢምል፣ “አልቀበልም” የሚለውን በጽሑፍ ለባንኩ በፍጥነት ያስገቡ። ባንኩ ራሱ በ5ቱ ቀን ውስጥ ጉድለቶቹን ሁሉ በአንድ ማስታወቂያ ካልዘረዘረ፣ ሰነዱ አያሟላም የማለት መብቱን ያጣል።