በማን አንደበት ይተረክ?

የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ በጽሑፍ ሲገለበጥ በርካታ ገጾች ይወጣዋል። ከዚህ አንድ የግለ ታሪክ አንቀጽ ለማውጣት አንዱ አማራጭ በሦስተኛ መደብ እየተረኩ ጥቅሶችን ጣልቃ ማስገባት ሲሆን፣ ሌላው ጥያቄዎቹን አስወግዶ የተናጋሪውን ቃል በአንደኛ መደብ ማያያዝ ነው።

አንዲት እንጀራ ጋጋሪ እንዲህ አሉ እንበል፦ «እኔማ... ምን ላድርግ፣ ምጣዱ ተሰበረ፣ እ... ተሰበረና ከጎረቤት ተዋስኩ።» የመጀመሪያው አማራጭ ይህን «ምጣዳቸው በመሰበሩ ከጎረቤት ተውሰው ሥራቸውን እንደቀጠሉ ይገልጻሉ» ያደርገዋል፤ መረጃው አለ፣ የሴትዮዋ ድምፅ ግን የለም። (ደግሞም «ሥራቸውን እንደቀጠሉ» የጸሐፊው ጭማሪ ነው።) ሁለተኛው ድግግሞሹንና «እ»ን ብቻ ያነሣል፦ «እኔማ ምን ላድርግ፣ ምጣዱ ተሰበረና ከጎረቤት ተዋስኩ።» «ምን ላድርግ» ምንም አዲስ መረጃ ባይጨምርም፣ የአነጋገራቸውን ለዛ የሚይዘው እሱ ስለሆነ መቆረጥ የለበትም።

ሁለተኛው አማራጭ የራሱ አደጋ አለው። በአሥረኛውና በሃምሳኛው ደቂቃ የተነገሩ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ በተለይ ጸሐፊው «ስለዚህ» ብሎ ካገናኛቸው፣ ተናጋሪዋ ያላሉት ምክንያትና ውጤት ይፈጠራል። ስለሆነም የቅደም ተከተል ለውጥ ከተደረገ ረቂቁን ለእሳቸው ማንበብ ያስፈልጋል፤ «እንዲህ አልልም» የሚሉበት ዐረፍተ ነገር ብዙውን ጊዜ የጸሐፊው እጅ የገባበት ነው።

ነገሩ አከራካሪ ከሆነ፣ ወይም ከሌላ ምንጭ መጣራት ካለበት፣ ሦስተኛ መደብ ይሻላል፤ ለአጭር አንቀጽ ግን እኔ ማንነታቸውን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስተዋውቄ ቀሪውን ለራሳቸው ቃል እተዋለሁ።