አስራ አንድ ወር ከአይሲፒ ጋር፦ የድሮውን አቶሚክ አብዞርፕሽን ለምን አልሸኘሁትም

አይሲፒ የምንለው የፕላዝማ መሣሪያ ላቦራቶሪያችን ከገባ አስራ አንድ ወር ሆነው። በገባ በሳምንቱ የድሮውን አቶሚክ አብዞርፕሽን ጨርቅ አልብሼ ጥግ አስያዝኩት። ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል ብዬ ነበር። በሦስተኛው ወር ጨርቁን ራሴ ገፍፌ እንደገና አስነሳሁት።

ሥራችን ውሃ ነው። የጉድጓድ፣ የወንዝ፣ የቧንቧ ውሃ ይመጣልናል፤ ውስጡ በጥቂቱ ያሉትን ብረታ ብረቶች እንለካለን። እዚህ የማወራው ግን ስለ እርሳስ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም መሣሪያዎች የፈተነልኝ እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። አንድ ግራም እርሳስ መቶ ሺህ ሊትር ውሃ ውስጥ ብትበትኑ ማለት ነው። ያችን አንድ ግራም ነው የምንፈልገው።

ከድሮው ልጀምር። አቶሚክ አብዞርፕሽን ለእያንዳንዱ ብረት የራሱ ላምፕ አለው። የእርሳስ ላምፕ የእርሳስን ብርሃን ያወጣል፤ ናሙናው ውስጥ ያሉት የእርሳስ አተሞች ከዚያ ብርሃን ላይ የድርሻቸውን ይውጣሉ፤ የጎደለውን እንለካለን። በእሳት ሲሠራ ፈጣን ነው። ዚንክ፣ መዳብ፣ አይረን በሚሊግራም ደረጃ ካሉ በሰከንዶች ውስጥ ቁጥሩን ይሰጣል። እርሳስ በ10 ማይክሮግራም ላይ ሲሆን ግን እሳቱ አያየውም። ከሚመጠው ናሙና አብዛኛው ወደ ፍሳሽ ይወርዳል፤ እሳቱ ጋ የደረሰችው ጥቂቷም በቅጽበት አልፋ ትሄዳለች።

ስለዚህ ለእርሳስ በእሳቱ ፋንታ የዚያኑ የድሮውን መሣሪያ ግራፋይት ፈርነስ እንጠቀማለን። 20 ማይክሮሊትር ጠብታ ትንሿ የግራፋይት ቱቦ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ይደርቃል፤ ቀጥሎ ቆሻሻው ይቃጠላል፤ በመጨረሻ ቱቦው በአንድ ጊዜ ግሎ እርሳሱን ወደ ተን ይለውጠዋል። ተኑ ቱቦው ውስጥ ለአፍታ ታምቆ ስለሚቆይ ከአንድ ማይክሮግራም በታች እንኳ ይታያል። ችግሩ ጊዜው ነው። አንዱ ንባብ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይወስዳል፤ እያንዳንዱን ናሙና ሁለቴ ስታነቡ፣ ናሙና ከበዛ ቀኑ ያልቃል። ያውም ለእርሳስ ብቻ። ካድሚየም ካስፈለገ ነገ ተመለሱ።

አይሲፒው ሲመጣ ያስደሰተኝም ይኸው ነበር። ናሙናው እንደ ጉም ሆኖ ከስድስት ሺህ ዲግሪ በላይ የጋለ የአርጎን ፕላዝማ ውስጥ ይገባል። እዚያ እያንዳንዱ ብረት የራሱን ብርሃን ያወጣል፤ መሣሪያውም ሁሉንም በአንዴ ያነባል። ከሃያ በላይ ብረት በሦስት ደቂቃ አካባቢ። ከዚህ በኋላ በላምፕ ለውጥ መጨናነቅ ቀረ አልኩ።

ቅሬታዬንም ልናገር። አርጎኑን እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው። በደቂቃ 17 ሊትር አካባቢ ይወስዳል፤ 10 ሜትር ኩብ የያዘ ሲሊንደር አስር ሰዓት ቢሠራ ነው። ለሁለት ናሙና ብሎ መለኮስ ያሳምማል፤ እስኪሞቅ ብቻ ግማሽ ሰዓት አርጎን ይነዳል። የፓምፑ ላስቲክም የዋዛ አይደለም። በአራተኛው ወር ከሰዓት በኋላ ንባቦቻችን ቀስ እያሉ ይወርዱ ጀመር። ለመቆጣጠሪያ የምንጨምረው ኢትሪየምም አብሮ ሲወርድ አየን። ኢትሪየም በሁሉም ናሙና እኩል ስለሆነ እሱ ከቀነሰ ጥፋቱ ከናሙናው ሳይሆን ከሚገባው ፈሳሽ መጠን ነው። ላስቲኩ ተጨፍልቆ ኖሯል። አሁን ማታ ማታ ማሰሪያውን ፈትቼ ነው የምወጣው።

እነዚህ ግን ጥቃቅን ናቸው። ዋናው ነገር የመጣው ከአንድ ጭቃማ የጉድጓድ ውሃ ነው።

ከዝናብ በኋላ የተቀዳ ነበር፤ ቀለሙ ወተት ያለው ሻይ ይመስላል። እንዲህ ያለ ውሃ እንዳለ መሣሪያ ውስጥ አይገባም። እርሳሱ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ሳይሆን የጭቃው ቅንጣት ላይ ተለጥፎ ነው ያለው። በናይትሪክ አሲድ ፒኤቹን ከ2 በታች አውርደን አሳደርነው። ከጠርሙሱ ከመቅዳቴ በፊት በደንብ ነቀነቅኩት። ይሄን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ ከላይ ከላይ የቀዳ ሰው የጠራውን ውሃ ለክቶ እርሳሱን ከታች ጥሎ ይሄዳል።

100 ሚሊ ሊትር ቢከር ውስጥ ቀዳሁ። እኩል በእኩል በውሃ ከተቀጠነ ናይትሪክ አሲድ 2 ሚሊ፣ እንደዚሁ ከተቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 1 ሚሊ ጨመርኩ። ሆት ፕሌቱን 85 ዲግሪ ላይ አደረግኩት። የሆት ፕሌቱን ማዞሪያ አትመኑት፤ ይዋሻል። እኔ ውሃ ያለበት ቢከር አጠገቡ አስቀምጬ ቴርሞሜትር እነክርበታለሁ። ፈሳሹ መፍላት የለበትም። ሲፈላ ይረጫል፤ የተረጨው ጠብታ እርሳሱን ይዞ ይሄዳል። ዝም ብሎ ይተን። ሁለት ሰዓት ገደማ ቆይቶ 20 ሚሊ ሲደርስ ዋች ግላስ ከድኜበት ለግማሽ ሰዓት በዝግታ እንዲሞቅ ተውኩት። ደርቆ ታች ቢጣበቅ ያንን ጥዬ ከጠርሙሱ እንደገና ነበር የምጀምረው። ከቀዘቀዘ በኋላ 50 ሚሊ ላይ ሞልቼ አሳደርኩት። ጠዋት ከታች ነጣ ያለ አሸዋ ተኝቷል። አዲስ ልጆች ይሄን ሲያዩ አልሟሟም ብለው ይደነግጣሉ። ሲሊኬት ነው፤ ይህ አሲድ አይነካውም፤ እኛም በዚህ ዘዴ እሱን አንፈልግም። ከላይ የጠራውን ብቻ ወሰድኩ።

100 ሚሊው 50 ስለሆነ መሣሪያው የሚያነበው ከእውነተኛው ውሃ እጥፍ ነው። በመጨረሻ ለሁለት እንካፈላለን።

አይሲፒው 46 አነበበ። ውሃው ውስጥ 23 ማለት ነው። ቁጥሩ ከፍ ስላለ ለማረጋገጥ ያኔ ነው ጨርቁን ገፍፌ ፈርነሱን ያስነሳሁት። ያንኑ ፈሳሽ 26 አነበበው። ውሃው ውስጥ 13። ሁለቱም ከ10 በላይ ናቸው፤ ግን አንዱ የሌላውን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የትኛውን ሪፖርት ላይ ልጻፍ?

ሁላችንም የምናውቀውን አደረግኩ፤ ስፓይክ። ከፈሳሹ ላይ የታወቀ እርሳስ ጨመርኩ፤ በሊትር 20 ማይክሮግራም ከፍ እንዲል። ፈርነሱ ከ26 ወደ 46 መውጣት ሲገባው 40 ላይ ቆመ። ከጨመርኩት 20 ያየው 14ቱን ብቻ ነው፤ 70 በመቶ። አይሲፒው ግን ከ46 ወደ 66 ሊደርስ ምንም አልቀረውም፤ 98 በመቶ። እንግዲህ አይሲፒው ትክክል ነው፤ ፈርነሱ ተሳስቷል ብዬ ልዘጋው ነበር። ስንቱ ሰው እዚህ ላይ ይዘጋዋል መሰላችሁ።

የፈርነሱ ችግር ግልጽ ነበር፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨምሬያለሁ። ክሎራይድ ሲኖር እርሳስ ክሎራይድ ሆኖ ገና ቆሻሻው ሲቃጠል በኖ ይሄዳል፤ ንባቡ ሲጀመር ቱቦው ውስጥ የለም። እርሳሱ እንዳይበን የምንጨምረው የፓላዲየምና የማግኒዚየም ማሻሻያም ያን ያህል ክሎራይድ አልቻለም። ናሙናውን እንደገና በናይትሪክ ብቻ አዘጋጀሁት። ፈርነሱ 36 አነበበ፤ ስፓይኩም 97 በመቶ ተመለሰ። ውሃው ውስጥ 18።

አሁንም 23 አይደለም።

አይሲፒው ስክሪን ላይ የእርሳሱ ብርሃን የሚታይበትን ጉብታ፣ Pb 220.353 የሚለውን ፒክ፣ ከፍቼ አየሁት። የፒኩ ግራ እግርና ቀኝ እግር እኩል አልነበሩም፤ ከፒኩ ሥር ያለው መሬት፣ ባክግራውንዱ፣ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል። ባክግራውንዱን የሚለካው ነጥብ ደግሞ ዝቅ ባለው በኩል ብቻ ነው የተቀመጠው። ጭቃ ማለት አሉሚኒየም ነው። በዚያው ንባብ አሉሚኒየሙን ሳየው በሊትር 50 ሚሊግራም ነበር። አሉሚኒየም እዚያ የእርሳስ ላይን ሥር መሬቱን ከፍ ያደርጋል። እርሳስ የሌለበት፣ 50 ሚሊግራም አሉሚኒየም ብቻ ያለበት ፈሳሽ ሠርቼ አስነበብኩት። 9 ማይክሮግራም እርሳስ አለ አለኝ! ከየት መጥቶ?

46 ሲቀነስ 9፣ 37። የባክግራውንዱን ነጥቦች ከፒኩ ግራና ቀኝ አድርጌ ሳስተካክል የአሉሚኒየሙ ፈሳሽ ዜሮ አካባቢ ወረደ፤ ናሙናውም 37 ሆነ። ውሃው ውስጥ 18.5። ፈርነሱ ካለው 18 ጋር ተገናኙ።

ታዲያ ስፓይኩ ለምን 98 በመቶ አለኝ? ይህ ነገር ለቀናት ከአእምሮዬ አልወጣም። ፈርነሱ ያጠፋው በማባዛት ነው፤ ካለው ከእያንዳንዱ እርሳስ ላይ 30 በመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ ከስፓይኩም ላይ ይቀንሳል፤ ይታያል። አይሲፒው ያጠፋው በመደመር ነው፤ እርሳስ ይኑርም አይኑር 9 ይጨምራል። ያው 9 ከስፓይኩ በፊትም አለ፣ በኋላም አለ። ስትቀናንሱት ይጠፋል። ስፓይክ ይህን ዓይነት ስህተት ሊይዝ አይችልም። የሚይዘው ብረቱ የሌለበት፣ ጭቃው ውስጥ ያለውን ብቻ የያዘ ፈሳሽ ነው፤ ወይም የተለየ ዓይነት መሣሪያ።

ለዚህ ነው የድሮውን ያልሸኘሁት። ብርሃን የሚያወጣውና ብርሃን የሚውጠው በተለያየ መንገድ ነው የሚሳሳቱት። ለጠራ ውሃ አይሲፒው ብቻውን ይበቃኛል፤ ፈጣንነቱን አልክድም። ጭቃ ሲመጣ ግን ከአስር አንዱን ናሙና በናይትሪክ ብቻ አዘጋጅቼ ወደ ፈርነሱ እወስዳለሁ። ዚንክና አይረን ብቻ የሚጠየቅበት ቀን ደግሞ አርጎን ከማቃጠል በእሳት እጨርሰዋለሁ።

በነገራችን ላይ ዚንክ ካነሳሁ አይቀር፦ በስድስተኛው ወር ናሙና የሌለበት መፈተሻ ፈሳሻችን፣ ብላንካችን ሁሉ፣ ዚንክ ይዞ ይመጣ ነበር። አሲዱን ጠረጠርን፤ ውሃውን ጠረጠርን። በኋላ ስናየው ዱቄት ያለበት የእጅ ጓንት ነበር።

የአሉሚኒየሙ ፈሳሽ ጠርሙስ አሁን ከብላንኩ ቀጥሎ ቋሚ ቦታ አለው። እርሳሱ ከ1 በላይ ካነበበ የዚያን ቀን ጭቃማ ናሙና አላስነብብም።