"ሲኒየር" እየተባለ ለሚደወልላችሁ የፋይናንስ ሰዎች፣ ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት

ፋይናንስ ላይ ብዙ ለሰራችሁ፣ በተለይ ማናጀርነት ላይ ላላችሁ ነው ይሄን የምጽፈው። ሰሞኑን አንዲት ሪክሩተር በቴሌግራም "የእርስዎን ልምድ አይተን ነው፣ ትልቅ ፖዚሽን አለ" ብላ አናገረችኝ፣ ፖዚሽኑ ሲኒየር አካውንታንት ነው። እኔ ፋይናንስ ማናጀር ነኝ። የስራ ዝርዝሩን ላኪልኝ ብዬ ሳየው ፔቲ ካሽ መያዝ፣ ባንክ ሪኮንሲሌሽን፣ ፒችትሪ ላይ ቫውቸር ማስገባት፣ ተጠሪነቱ ለፋይናንስ ማናጀሩ፣ የሚፈለገው ልምድ 3 ዓመት። ሲኒየር የሚለውን ተዉትና ተጠሪነቱ ለማን እንደሆነና ስንት ዓመት ልምድ እንደጠየቁ እዩ፣ ደረጃው እዛ ላይ ነው የሚታወቀው።

ደሞዙን ስጠይቃት መጀመሪያ "በስምምነት" አለች፣ ስወተውታት 40 ሺ። የተጣራ ነው ወይስ ጥቅል ስላት ጥቅል ነው። አስሉት እስቲ፣ አሁን ባለው ተመን የስራ ግብሩ 11,950 ነው፣ ጡረታ 7 ፐርሰንት ደሞ 2,800፣ እጃችሁ ላይ የሚገባው 25,250 ብር። እኔ አሁን ከዚህ በላይ ነው የማገኘው።

ከዛ "ይግቡ እንጂ በ6 ወር ማናጀር ያደርጉዎታል" የሚለው መጣ። እባካችሁ በዚህ ስራችሁን እንዳትለቁ! በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የስራ ቀን ይሆናል፣ በዛ ውስጥ ለስራው አልተስማማህም ካሉ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ያሰናብቷችኋል። እድገቱ ውላችሁ ላይ ከሌለ ደሞ ነገ ማንም አያውቀውም።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን የስራ ልምድ ደብዳቤው ነው። ስትለቁ የሚጻፍላችሁ አካውንታንት ተብሎ ነው፣ ቀጣዩ ማስታወቂያ "5 ዓመት በኃላፊነት ደረጃ" ሲል እዛ ያሳለፋችሁት ጊዜ አይቆጠርላችሁም፣ ሲቪውን የሚያጣራው ሰው ደሞ ለምን ወረድክ ብሎ ደውሎ አይጠይቅም፣ ዝም ብሎ ወደ ጎን ያደርገዋል።

እኔ የመለስኩላት ይሄን ነው፣ ከፈለጋችሁ ውሰዱት፦ "ስላሰቡኝ አመሰግናለሁ። አሁን ያለሁት ማናጀር ደረጃ ላይ ስለሆነ ይሄ ቦታ ለኔ አይሆንም። ድርጅቱ መደቡን ከፍ ማድረግ ከቻለ፣ መጠሪያውንና የተጣራ ደሞዙን በጽሁፍ ይላኩልኝ። የማናጀር ቦታ ሲመጣም ያሳውቁኝ።" ስድብ አያስፈልግም፣ እሷ የተሰጣትን ቦታ ነው የምትሞላው፣ ነገ የሚሆናችሁን ቦታ ይዛላችሁ ልትመጣ ትችላለች። በደፈናው "አልፈልግም" ካላችሁ ግን ስትፈልጉት የነበረው ደረጃ የቱ እንደሆነ ሳታውቅ ትቀራለች።

አንዳንዴ ከትንሽ ድርጅት ወደ ባንክ ስትሄዱ መጠሪያው ዝቅ ብሎ ደረጃውና ጥቅማጥቅሙ ከፍ ሊል ይችላል፣ እሱ ሌላ ነው፣ የደሞዝ እርከኑንና ቀጣዩን እርከን አሳዩኝ በሏቸው፣ በጽሁፍ ካሳዩዋችሁ አስቡበት።