ሁለቱን ሰያፎች ሳታስለኩ የመሠረት ቁፋሮ አታስጀምሩ፤ ክፍያም አትልቀቁ

በፍኖተ ሰላምና በአካባቢዋ ቤት ለመሥራት የተዘጋጃችሁ ወገኖች፣ ባለፈው በጋ በእጅ ዋጋ ተዋውዬ ያሠራሁት መሠረት ያደረሰብኝ ኪሳራ በሌላ ሰው እንዳይደገም ይህን ማስጠንቀቂያ ጽፌያለሁ።

ውሉ ለ8 በ10 ሜትር ቤት የመሠረት ቁፋሮና የድንጋይ ግንብ ነበር። ግንበኛው ከሌሎቹ ያነሰ ዋጋ ከመስጠቱም በላይ «ማዕዘን ማስያዙ በእኛ ነው፣ ጋሼ፤ ለእሱ የተለየ ሒሳብ አንጠይቅም» ስላለኝ፣ ግማሹን ክፍያ በቅድሚያ ሰጠሁት። የመጀመሪያውን ጥግ የያዘው ሁለቱ ክንዶቹ 60 እና 80 ሳንቲ ሜትር በሆኑ፣ ከጣውላ ተቸንክሮ በተሠራ ስኳድራ ነው። ስኳድራውን ከችካሉ ሥር አጋድሞ ሲባጎዎቹን በጠርዙ ትክክል ወጠረ፤ የቀሩትን ጥጎች ደግሞ የጎኖቹን ርዝመት ብቻ እየለካ ቸከለ። ሥራው አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም፤ እኔም ፍጥነቱን እንደ ችሎታ ቆጠርሁት።

ግንቡ ከመሬት በላይ ከወጣ በኋላ አንድ የግንባታ ሥራ የሚያውቅ ዘመዴ መጥቶ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ አስለካኝ። አንደኛው 12.94 ሜትር፣ ሌላኛው 12.68 ሜትር ሆነ። የ8 በ10 ቤት ጥጎቹ ቀጤ ማዕዘን ከሆኑ ሁለቱም ሰያፎች ወደ 12.81 ሜትር መምጣት አለባቸው። አራቱም ጎኖች በሜትር ሲለኩ ትክክል ስለነበሩ ስህተቱ እስከዚያ ቀን ለማንም አልታየም፤ ቤቱ ግን ተንጋድዶ ነበር። በኋላ ስኳድራውን ራሱን ብንለካው 100 ሳንቲ ሜትር መሆን የሚገባው ሦስተኛው ጣውላ 101 ሆኖ ተገኘ። በትንሿ ስኳድራ ላይ የነበረችው አንዲት ሳንቲ ሜትር በ8 ሜትሩ ግድግዳ ጫፍ ላይ ስትደርስ ወደ 17 ሳንቲ ሜትር አድጋለች።

ስለዚህ ግንበኛችሁ ማዕዘኑን በሲባጎና በሦስት-አራት-አምስት ስልት እንዲይዝ ጠይቁ፤ መጠኑም ቦታው የፈቀደውን ያህል ትልቅ ይሁን። ለእንዲህ ያለ ቤት 3፣ 4 እና 5 ሜትርን በእጥፍ ወስዶ በ6፣ 8 እና 10 ሜትር መሥራት ይቻላል። በመጀመሪያ የ10 ሜትሩ ጎን ሲባጎ ከመንገዱ ጋር ትይዩ ሆኖ ይወጠርና አይነካም። በጥጉ ችካል አናት ላይ ምስማር ይመታል፤ ከምስማሩ በዚህ ሲባጎ ላይ 8 ሜትር፣ በሁለተኛው ሲባጎ ላይ ደግሞ 6 ሜትር ተለክቶ በቀለም ክር ይታሰራል። ከዚያ አንድ ሰው የሁለተኛውን ሲባጎ ጫፍ ይዞ ቀስ እያለ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያንቀሳቅሳል፤ በሁለቱ ክሮች መካከል ያለው ርቀት በትክክል 10 ሜትር ሲሆን ጥጉ ቀጤ ነው። እዚህ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ብትሳሳቱ እንኳ በ8 ሜትሩ ግድግዳ ጫፍ ላይ የሚመጣው ልዩነት ከሁለት ሳንቲ ሜትር አያልፍም።

የእኛ አገር ቦታ ብዙውን ጊዜ ተዳፋት ስለሆነ ሜትሩ መሬቱን ተከትሎ እንዳይጎተት ተጠንቀቁ። በ10 ሜትር ውስጥ መሬቱ አንድ ሜትር ቢወርድ፣ በመሬቱ ላይ የተለካው 10 ሜትር በአግድም 9.95 ብቻ ነው። ሲባጎዎቹም ሜትሩም በውሃ ልክ መያዝ አለባቸው፤ በዝቅተኛው በኩል ነጥቡ በቱንቢ ወደ መሬት ይወርዳል። ሲባጎው የሚታሰረውም ከጉድጓዱ አንድ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ በተመታ አግዳሚ ጣውላ ላይ እንጂ በጥጉ ችካል ላይ አይሁን፤ የጥጉ ችካል ቁፋሮ ሲጀመር ተነቅሎ ይጠፋል፣ ከዚያ በኋላ ቦታው የሚመለሰው በግምት ነው።

በመጨረሻ ሁለቱ ሰያፎች ይለካሉ። ሰያፎቹ እኩል መሆናቸው ብቻውን አያስተማምንም፤ አንዱ ጎን 10 ሜትር፣ ትይዩው 9.80 ሆኖም ሰያፎቹ እኩል ሊመጡ ይችላሉ። ትይዩ ጎኖች እኩል መሆናቸው አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት።

የእጅ ዋጋ ውል ትልቁ አደጋ ድንጋዩም፣ አሸዋውም፣ ሲሚንቶውም የባለቤቱ መሆኑ ነው። እኔ ሦስቱን ግድግዳዎች አስፈርሼ ሳስገነባ ግንበኛው የተስማማው የጉልበቱን ከፊል ለመቻል ብቻ ነበር፤ የቀረው በሙሉ በእኔ ላይ ወደቀ። አሁን ለወንድሜ ቤት በተጻፈው ውል ላይ የሰያፎቹ ልዩነት ከአንድ ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ልኬቱም ባለቤቱ ባለበት ከቁፋሮ በፊት እንዲደረግ፣ የመጀመሪያው ክፍያ ከዚያ በኋላ እንዲለቀቅ፣ በጥጉ ስህተት የሚፈርሰው ግንብም ከነዕቃው በግንበኛው ወጪ እንዲተካ አስጽፈናል።